መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኤስኤስዲው ከቡት ሜኑ ጠፋ፣ ዲስኩ ሞቶ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሳቢያን_ኮፒ
ሰላም ለሁላችሁ። ሳቢያን ሰፈር ትንሽ የኮፒና የህትመት ቤት አለኝ፣ ዋናው ኮምፒውተር ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ውስጡ 240 ጂቢ ሳታ ኤስኤስዲ አለ፣ ያ ጠፍጣፋው፣ ዊንዶውስ 10 እሱ ላይ ነው፣ ሌላ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ደግሞ የደንበኛ ፋይል የምናስቀምጥበት። ሰሞኑን መብራት እንደምታውቁት ነው፣ ከበዓል ተመልሼ ስከፍት ዊንዶውስ አይገባም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ `Start PXE over IPv4` ይላል ትንሽ ይቆይና `No bootable devices found` ብሎ ይቆማል። F12 ተጭኜ ቡት ሜኑ ስከፍት ኤስኤስዲው የለም፣ ያለው የኔትወርኩ መስመር ብቻ ነው። የሚሰራው ልጅ አቧራ ይሆናል ብሎ ከፍቶ በብሎወር ነፋው፣ ለውጥ የለም። ሃርድ ዲስኩ ላይ የሰው የመመረቂያ ጽሁፍ ሁሉ አለ፣ ኤስኤስዲው ዴስክቶፕ ላይም ያላስተላለፍኳቸው አሉ። ዲስኩ ሞቷል ማለት ነው? ፎርማት ሳላደርግ የሚሆን ነገር ካለ እባካችሁ።

ኤረር_በር
IPv4 ካለ እኮ የኢንተርኔት ችግር ነው ወንድሜ። የኔትወርክ ኬብሉን ነቅለህ ሰካው፣ ራውተሩንም አጥፍተህ አብራው። እኛም ቢሮ እንደዚህ ብሎን ያውቃል።

ዳቻቱ77
አቦ ይሄ የታወቀ ነው፣ ባዮስ ግባና ሳታ ሞዱን ከ RAID ወደ AHCI ቀይረው አለቀ። ካልሆነ ደግሞ የሳታ ኬብል ነው፣ ኬብል ቀይር። ያም ካልሆነ ኤስኤስዲው ሞቷል፣ ታይዋን ገበያ ሄደህ አዲስ ግዛ ጊዜህን አታባክን።

ከዚራ_ብየዳ
ሳቢያን፣ እስቲ ምንም ነገር ሳትቀይር በፊት ሁለት ነገር ብቻ አይተህ ንገረኝ። ኔትወርኩን ተወው፣ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ ሲያጣ መጨረሻ ላይ የሚሞክረው ኔትወርኩን ስለሆነ ነው እንደዛ የሚለው፣ ዲስኩን አላገኘሁም ከማለት ውጪ ትርጉም የለውም።

አንደኛ፣ ቡት ሜኑውን ሳይሆን ዋናውን ባዮስ ግባና የዲስክ መረጃ የሚያሳየውን ገጽ ፈልግ፣ SATA-0፣ SATA-1 እያለ ከጎኑ የዲስክ ስምና መጠን የሚጽፍበት ገጽ አለ። 240ው እዛ ላይ አለ ወይስ የለም? ሰው ሁሉ ሁለቱን ያደባልቃቸዋል እንጂ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መረጃው ገጽ ላይ ከሌለ ማዘርቦርዱ ዲስኩን ጭራሽ አላየውም፣ ያኔ ነው ኬብል፣ ፓወር፣ ስሎት፣ ወይም የዲስኩ መሞት የሚፈለገው። መረጃው ገጽ ላይ ኖሮ ቡት ሜኑ ላይ ከሌለ ግን ዲስኩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ባዮሱ የሚነሳበት ነገር እላዩ ላይ አላገኘም ማለት ነው እንጂ። ለዛ ደግሞ ኬብል መቀየር ምንም አያደርግም።

ሁለተኛ፣ ባዮሱ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት ስንት ነው የሚለው? መብራት ስላልክ ነው የምጠይቅህ።

የጀጎል_ልጅ
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ነው ያለኝ ስለዚህ እዚሁ ልጠይቅ። አዲስ ላፕቶፕ ነው ኤሰር፣ ኢንቴል 11ኛ ትውልድ፣ ዊንዶውስ አስተካክዬ ልጫን ብዬ በፍላሽ ስነሳ የት ልጫን የሚለው ቦታ ላይ ባዶ ነው፣ ዲስክ የለም ይለኛል። ግን ላፕቶፑ እስከዛሬ ሲሰራ ነበር። ሀረር የጠየቅኩት ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎኛል።

ሳቢያን_ኮፒ
አየሁት ከዚራ። SATA-1 ላይ 1 ቴራው አለ፣ SATA-0 ባዶ ነው። ቀኑ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1፣ 2017 ነው የሚለው፣ ሰዓቱም የተሳሳተ ነው።

ዳቻቱ77
ይኸው፣ ባዶ ነው ካለ ኬብል ወይ የሞተ ዲስክ ነው ብያለሁ።

ከዚራ_ብየዳ
ዳቻቱ ኬብል መባሉ እዚህ ጋ ልክ ነው፣ ግን ቀኑ ስላለ እዛ ላይ እንዳንቆም። ወደ ኋላ የሄደ ሰዓት ማለት የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፣ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ማሽን ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሴቲንግ ይመለሳል። ያገለገለ ማሽን ደግሞ የሸጠህ ሰው ወይም ዊንዶውስ የጫነልህ ሰው ያስተካከለው ሴቲንግ ይኖራል፣ እሱ ነው የጠፋው ብዬ እገምታለሁ። ሲጀምር የነበረው ችግር ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ SATA-0 ባዶ የሆነው ግን ምናልባት ሲነፋ ኬብሉ ላልቶ ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀል፣ የፓወር በተኑን ትንሽ ይዘህ ልቀቀው የቀረ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ኤስኤስዲው ላይ ሁለት ኬብል ነው ያለው፣ ጠባቡ ዳታ፣ ሰፊው ፓወር። ሁለቱንም ከዲስኩ በኩል ነቅለህ መልሰህ ግፋ፣ የዳታውን ከማዘርቦርዱ በኩልም እንደዛው። የድሮ ኬብሎች ብረት መቆለፊያ የላቸውም፣ ትንሽ ስትነካቸው ያዘነብላሉ፣ በአይን የገባ ይመስላል ግን ግማሹ ነው የነካው። ያ ካልሆነ የ1 ቴራውን ሁለቱንም ኬብል ነቅለህ ኤስኤስዲው ላይ ሰካ። እነዛ ሃርድ ዲስኩን እያሳዩ ስለሆነ እንደሚሰሩ እናውቃለን፣ አዲስ ኬብል ሳትገዛ ጥፋቱ የኬብሉ ይሁን የዲስኩ ይለይልሃል። በሚሰራ ኬብል፣ በሚሰራ ፖርት ኤስኤስዲው ካልታየ ያኔ ስለ ሞት እናወራለን።

የጀጎል ልጅ፣ ያንቺ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፣ ዲስክሽ አልተበላሸም፣ እመለስበታለሁ።

መልካ_ጀብዱ
ዲስክ ሞተ ስትሉ የኔን ልንገራችሁ። የኔ ባዮስ ላይ ይታያል ግን ስሙ ተቀይሮ `SATAFIRM S11` ነው የሚለው፣ በፊት የድርጅቱ ስም ነበር የሚታየው። ቡት አያደርግም፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼውም ያው ነው። ኬብል ቀያይሬያለሁ። ውስጡ የልጆቼ ፎቶ አለ።

ከዚራ_ብየዳ
መልካ ጀብዱ፣ አዝናለሁ፣ ያንተ የፈርምዌር ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው ኮንትሮለር የራሱን ፕሮግራም መጫን ሲያቅተው ነው በዛ ስም የሚታየው፣ ፊሰን ኤስ11 የሚባለው ኮንትሮለር ያለባቸው ርካሽ ዲስኮች ላይ የታወቀ ነው። ኬብልም ሴቲንግም አይመልሰውም። ኢንተርኔት ላይ ፈርምዌሩን እንደገና የሚጭኑ ፕሮግራሞች ታገኛለህ፣ ዲስኩን አንዳንዴ ያስነሱታል ግን ያለውን ዳታ በሙሉ ያጠፉታል፣ ስለዚህ ፎቶው ካስፈለገህ እንዳትነካው። ዳታ የሚያወጡ ባለሙያዎች ኮንትሮለሩን በልዩ ዘዴ አስነስተው የሚያነቡበት ጊዜ አለ፣ አዲስ አበባ የሚሰራ ሰው ካገኘህ ሳትነካካው ላክለት። ውጤቱን ግን ቃል ልገባልህ አልችልም።

ሳቢያን_ኮፒ
መጣሁ። ልክ ነህ፣ የዳታው ኬብል ከማዘርቦርዱ በኩል ዘንበል ብሎ ነበር፣ ስጫነው ቀጭ አለ። አሁን ባዮስ ውስጥ SATA-0 ላይ 240ው መጥቷል ከነስሙ። ደስ ብሎኝ አስነሳሁት፣ ያው ነው! አሁንም PXE ነው የሚለው፣ F12 ላይ ኤስኤስዲው የለም።

ዳቻቱ77
እንዴ ኬብሉ ከገባ መስራት አለበት። AHCI አድርገው አልኩ እኮ መጀመሪያ።

ከዚራ_ብየዳ
ጥሩ፣ አሁን ትክክለኛው ችግር ጋ ደረስን። ማዘርቦርዱ ዲስኩን አይቶታል፣ ግን የሚነሳበት አድርጎ አልቆጠረውም። ዳቻቱ፣ የAHCI ነገር ሊመጣ ይችላል ግን ተራው አሁን አይደለም። ያ ጣጣ በብዛት የሚታየው ዊንዶውስ መነሳት ጀምሮ ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር ሲያጣ ነው፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚህ ገና ዊንዶውስ ጋ አልደረስንም።

ሳቢያን፣ ይሄ ዊንዶውስ እንዴት ነው ኤስኤስዲው ላይ የገባው? አዲስ ተጭኖ ነው ወይስ ከሃርድ ዲስክ ተገልብጦ?

ሳቢያን_ኮፒ
ተገልብጦ ነው። ድሮ ዊንዶውስ 7 የነበረበት ሌላ ማሽን ነበረኝ፣ ወደ 10 አደግን፣ ከዛ ኤስኤስዲ ስንገዛ ልጆቹ ክሎን አደረጉት፣ ማሽኑ ሲቀየርም ዲስኩን ነቅለን እዚህኛው ላይ ሰካነው። ሲሰራ ነው የኖረው።

ከዚራ_ብየዳ
በቃ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከዊንዶውስ 7 ዘመን የመጣ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ MBR በሚባለው አከፋፈል ነው የተከፋፈለው፣ የሚነሳውም በድሮው መንገድ በ Legacy ነው። ማሽንህ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ በ UEFI ብቻ እንዲነሳ ነው የተዘጋጀው። UEFI ዲስክ ላይ የሚፈልገው አንድ የተለየ ትንሽ ፓርቲሽንና እዛ ውስጥ ያለ የማስነሻ ፋይል ነው፣ ያ ፋይል ከሌለ ዲስኩን ቡት ሜኑ ላይ ጭራሽ አይጽፈውም። አልተበላሸም፣ አልጠፋም፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አላገኘም ብቻ። ዲስኩን መጀመሪያ የሰካልህ ሰው ባዮሱን ወደ Legacy ቀይሮልህ ነበር፣ ባትሪው ሲያልቅ እሱ ጠፋ።

ግምት እንዳይሆን እናረጋግጥ። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ካለህ በሱ ተነሳ፣ ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ Shift+F10 ስትጫን ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ይህን ጻፍ

```
diskpart
list disk
exit
```

መጨረሻ ላይ Gpt የሚል አምድ አለ፣ የኤስኤስዲው መስመር ላይ ኮከብ ካለ GPT ነው፣ ከሌለ MBR ነው። 240ው እዛ ላይ 223 ጂቢ ሆኖ ነው የሚታይህ አትደንግጥ፣ አቆጣጠሩ ስለሚለይ ነው። diskpart ውስጥ ሌላ ምንም ነገር እንዳትጽፍ፣ በተለይ clean የሚል ምክር የሆነ ቪድዮ ላይ ካየህ እንዳትሞክረው፣ የዲስኩን አከፋፈል ጠራርጎ ያጠፋብሃል።

ገንደ_ቆሬ
እኔ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ገዝቼ የድሮ ዴስክቶፕ ላይ H61 ቦርድ ነው በፒሲአይ አዳፕተር ሰካሁት። ዊንዶውስ ውስጥ ይታያል፣ ፋይልም ይጽፋል፣ ግን ቡት ሜኑ ላይ የለም። Legacy ላድርገው?

ከዚራ_ብየዳ
ገንደ ቆሬ፣ Legacy አይረዳህም። የH61 ዘመን ቦርዶች ባዮሳቸው ውስጥ ኤንቪኤምኢ የሚያነብ ድራይቨር የለም። ዊንዶውስ ከሌላ ዲስክ ከተነሳ በኋላ የራሱ ድራይቨር ስላለው ያየዋል፣ ባዮሱ ግን ከዛ በፊት አያውቀውም። ባጠቃላይ ኢንቴል ላይ ከ9 ሲሪስ ቦርዶች፣ ከZ97 እና H97 ጀምሮ ነው ከኤንቪኤምኢ መነሳት የተለመደው፣ እነሱም ባዮሳቸው ካደገ ነው። እኔ ብሆን ዊንዶውሱን ሳታ ኤስኤስዲ ላይ አድርጌ ኤንቪኤምኢውን ለፋይል እጠቀምበት ነበር።

ዳቻቱ77
ባዮሱን ሞድ አድርጎ ድራይቨሩን መጨመር ይቻላል እኮ፣ እኔ ጓደኛዬ አድርጎት ይሰራል።

ከዚራ_ብየዳ
ይቻላል፣ አልክድም። ግን ሲጻፍ መብራት ቢሄድ ወይ ፋይሉ ትንሽ ቢሳሳት ቦርዱ ይሞታል፣ ቺፑን ነቅሎ በፕሮግራመር የሚጽፍልህ ሰው ከሌለህ ለአንድ ዲስክ ብለህ ቦርድ ትከስራለህ። ሌላው መንገድ ፍላሽ ላይ ክሎቨር የሚባል ማስነሻ አድርጎ በሱ በኩል ወደ ኤንቪኤምኢው ማለፍ ነው፣ ቦርዱን አይነካም፣ ፍላሹ ግን ሁሌ መሰካት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭኑ ቅርጽ ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም። እግሩ ላይ ሁለት ስንጥቅ ካለው አብዛኛው ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ስንጥቅ ካለው አብዛኛው ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ርግጠኛ ለመሆን እላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሁፍ አንብቡ። ስሎቱ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሳታውን ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚያውቅ ስሎት ላይ ብትሰኩት ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ግን ባዮስ ላይ አይታይም። አንዳንድ ቦርድ ላይ ደግሞ እዛ ስሎት ላይ ዲስክ ስታስገቡ ከሳታ ፖርቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ፣ እዛ ፖርት ላይ የነበረው ዲስክ ጠፋ ብሎ የሚመጣ ብዙ ሰው አለ። የቦርዱ ማኑዋል ላይ የትኛው እንደሚዘጋ ተጽፏል።

ሳቢያን_ኮፒ
ኮከብ የለውም። Disk 0 ላይ 931 ጂቢ፣ Disk 1 ላይ 223 ጂቢ፣ ሁለቱም ኮከብ የላቸውም።

ከዚራ_ብየዳ
ተረጋገጠ። አሁን ባዮስ ግባ፣ መጀመሪያ Secure Boot ካለ Disabled አድርግ፣ እሱ በርቶ እያለ የ Legacy ምርጫው ደብዝዞ አይነካም። ከዛ የቡት ቅደም ተከተል ገጽ ላይ ከ UEFI ወደ Legacy ቀይር፣ አንዳንድ ቦርድ ላይ CSM ነው የሚባለው። ሴቭ አድርገህ ውጣና F12። ግን ከዛ በፊት ባትሪውን ቀይር፣ አለዚያ ነገ ጠዋት እንደገና እዚሁ ነን። CR2032 ነው፣ ሶኬቱን ነቅለህ አውጣው፣ ጽሁፍ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ነው። ሰዓት ጠጋኞች ጋ ይገኛል፣ ሜትር ካለ አስለካው፣ አዲሱ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል።

ባትሪው ለምን ቶሎ አለቀ ብለህ እንዳትገረም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ግድግዳው ላይ ከተሰካ ሰዓቱ የሚኖረው በግድግዳው መብራት ነው፣ ባትሪው የሚበላው ሶኬቱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ነው። ማታ ማታ ማከፋፈያውን አጥፍቶ የሚሄድ ሱቅ፣ ላይ ደግሞ የኛ መብራት ሲጨመርበት፣ ባትሪው በቶሎ ያልቃል። ማከፋፈያውን ማጥፋትህን ግን አትተው፣ መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ ከሚያቃጥልብህ ባትሪ መቀየር ይሻላል።

የጀጎል_ልጅ
እኔን አትርሱኝ እባካችሁ።

ከዚራ_ብየዳ
አልረሳሁሽም እህቴ። 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ላይ VMD የሚባል ነገር አለ፣ ሲበራ ዲስኩን ከኋላው ይዞት ስለሚቆም የዊንዶውስ መጫኛው የኢንቴልን ድራይቨር ካላገኘ ዲስኩን አያየውም። ቀድሞ የተጫነው ዊንዶውስ ድራይቨሩ ስለነበረው ነው ሲሰራ የነበረው። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ባዮስ ገብቶ VMD ማጥፋት ነው፣ ብዙ ኤሰሮች ላይ ይሄ ምርጫ ተደብቋል፣ Main የሚለው ገጽ ላይ ሆነሽ Ctrl+S ስትጫኚ ይወጣል። ሁለተኛው የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን ከላፕቶፑ ድርጅት ገጽ አውርደሽ ተፈትቶ በፎልደር ፍላሹ ላይ ማድረግ ነው፣ መጫኛው ጋ Load driver ብለሽ ፎልደሩን ስታሳዪው ዲስኩ ይመጣል። የወረደውን exe እንዳለ ብታደርጊው አይቀበልም፣ inf የሚል ፋይል ነው የሚፈልገው። ያለው ዊንዶውስ ላይ የምትፈልጊው ፋይል ካለ VMD ከማጥፋትሽ በፊት አውጪው፣ ስታጠፊው ያ ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል።

ሳቢያን_ኮፒ
ባትሪው 2.1 ነው የሚያሳየው፣ አዲስ አስገባሁ። Legacy አደረግኩት። F12 ላይ ኤስኤስዲው መጣ!! ግን ስመርጠው የዊንዶውሱ ምልክት ይታይና ሰማያዊ ስክሪን፣ `INACCESSIBLE_BOOT_DEVICE` ብሎ እንደገና ይነሳል። አሁን ደግሞ ምንድን ነው፣ ልቤ ሊቆም ነው።

ከዚራ_ብየዳ
አይዞህ፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ ዊንዶውስ መነሳት ጀምሯል። አሁን የዳቻቱ ተራ ደረሰ። ባዮስ ውስጥ SATA Operation የሚለውን ተመልከት፣ ከባትሪው ጋር እሱም ወደ RAID ሳይመለስ አይቀርም።

ዳቻቱ77
አቦ ብያለሁ እኮ ከመጀመሪያው! AHCI አድርገው።

ሳቢያን_ኮፒ
RAID On ነበር። ብቀይረው ዳታ አይጠፋም?

ከዚራ_ብየዳ
ባንተ ሁኔታ አይጠፋም። ሁለት ዲስክህ ለየብቻ ናቸው፣ እርስ በርስ በሬይድ አልተያያዙም። እውነተኛ ሬይድ ያለው ማሽን ቢሆን ወይም ኦፕቴን የሚባለው የተጨመረበት ቢሆን እንዳትነካው እልህ ነበር። ቀይረው፣ ካልሆነ መልሰው፣ መቀያየሩ ብቻውን ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም።

ሳቢያን_ኮፒ
ገባ!!! ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሁሉ አለ። ከዚራ፣ ዳቻቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ፋይሉን አሁን ፍላሽ ላይ እየገለበጥኩ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ባትሪው ወደፊት ሲያልቅ እንደገና ይሄ ሁሉ ሊመጣ ነው?

ከዚራ_ብየዳ
ይመጣል። ለዛ ነው ዲስኩን ወደ GPT ብትቀይረው የምለው፣ ከዛ በኋላ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ ቢመለስም ቡት ሜኑ ላይ ይኖራል። የሳታ ሞዱን ግን ያኔም በእጅህ መመለስ ይኖርብሃል፣ ወረቀት ላይ ጽፈህ ኬዙ ውስጥ ለጥፈው። ዊንዶውስ ከ1703 ጀምሮ ራሱ የሚቀይርበት ትዕዛዝ አለው፣ ዳታ ሳይጠፋ። በቅድሚያ የምትፈልገውን ገልብጠህ ጨርስ፣ ቢትሎከር ካለ አቁመው፣ እና በዩፒኤስ ላይ ሆነህ ብቻ ነው የምታደርገው፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አልወድልህም። በአድሚኒስትሬተር ከፍተህ

```
mbr2gpt /validate /disk:1 /allowFullOS
mbr2gpt /convert /disk:1 /allowFullOS
```

የዲስኩ ቁጥር ዊንዶውስ ውስጥም 1 መሆኑን በዲስክ ማኔጅመንት አረጋግጥ። መጀመሪያ ቫሊዴቱን ብቻ፣ ችግር የለም ካለህ ነው ወደ ሁለተኛው የምትሄደው። ዲስኩ ላይ ከ3 በላይ ዋና ፓርቲሽን ካለ፣ ወይም ሎጂካል የሚባለው ካለ እምቢ ይላል፣ በግድ እንዳታደርገው፣ እዚህ ጻፍልኝ።

ዳቻቱ77
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የሚሰራን ነገር ለምን ይነካል፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ Legacy ላይ ተወው። የሱቅ ኮምፒውተር ነው እኮ፣ ቢበላሽ ስራ ይቆማል።

ከዚራ_ብየዳ
ሀሳብህ ተገቢ ነው፣ ሁለቱም ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑን ሲቀይር ነው። ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉ ኢንቴሎች በራሳቸው ግራፊክስ Legacy አይነሱም፣ ይሄን ዲስክ እዛ ላይ ቢሰካው ያው ቡት ሜኑ ላይ አይኖርም። ያኔ የሚነሳበት አሮጌ ማሽን ከሌለው መቀየሩ አሁን ካለው ይከብዳል።

ሳቢያን_ኮፒ
ፋይሉን በሙሉ ገልብጬ ዩፒኤስ ላይ ሆኜ አደረግኩት። ቫሊዴት አለፈ፣ ኮንቨርቱም ጨረሰ፣ መጨረሻ ላይ ግን `Failed to update ReAgent.xml` የሚል ነገር ጻፈ። ባዮስ ገብቼ ወደ UEFI መለስኩት፣ F12 ላይ ግን የኤስኤስዲው ስም አሁንም የለም፣ `Windows Boot Manager` የሚል ብቻ ነው ያለው። አልተሳካም ማለት ነው?

ከዚራ_ብየዳ
ተሳክቷል፣ እሱን ምረጥ። በ UEFI ዘመን ቡት ሜኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የዲስኩ ስም ሳይሆን የማስነሻው ስም ነው፣ ያ መስመር ኤስኤስዲህ ነው። ብዙ ሰው የዲስኩን ስም ሲፈልግ ቆይቶ ጠፋብኝ ይላል፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያለ። የReAgentዋ መልዕክት የጥገና ክፍሉን ነው የሚመለከተው፣ ዊንዶውስ ከገባህ በኋላ `reagentc /disable` ቀጥሎ `reagentc /enable` በል ይስተካከላል።

ሳቢያን_ኮፒ
ገባ፣ ሁለቱንም ትዕዛዝ ሰጠሁ፣ ተቀበለ። ባትሪውን አውጥቼ ሞከርኩት ደግሞ፣ ሴቲንጉ ሁሉ ተመልሶ ቡት ሜኑ ላይ ግን አለ፣ AHCI ብቻ መልሼ ገባሁ። አሁን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጭኜ ሳየው C7 የሚለው ላይ CRC Error Count ዜሮ አይደለም፣ ቁጥር አለ። ኤስኤስዲው እየሞተ ነው?

ከዚራ_ብየዳ
አይደለም፣ C7 ዳታው በኬብሉ ሲያልፍ የተሳሳተበትን ነው የሚቆጥረው፣ የላላው ኬብል ትቶት የሄደው ነው። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም። አሁን ያለውን ጻፈውና ሰሞኑን እየሰራህበት ተመልከተው፣ ካልጨመረ ተወው፣ ከጨመረ ኬብሉን በመቆለፊያ ባለው ቀይረው። ከተቀየረም በኋላ ከጨመረ ፖርቱን ቀይር።

የጀጎል_ልጅ
Ctrl+S ሰራ! VMD የሚል መጣ። ግን ላጠፋው ፈራሁ፣ ድራይቨሩን በፍላሽ አደረግኩና ዲስኩ 476 ጂቢ ብሎ ወጣ። አሁን እየጫነ ነው።

ገንደ_ቆሬ
ክሎቨሩን በፍላሽ ሞከርኩት፣ የክሎቨር ሜኑ ይመጣል ግን ኤንቪኤምኢው ውስጡ የለም። የሰራለት ሰው አለ?

ከዚራ_ብየዳ
ገንደ ቆሬ፣ ፍላሹ ላይ ድራይቨር ፎልደሩ ውስጥ `NvmExpressDxe` የሚለው ፋይል አለ? ክሎቨር ራሱ ያለሱ ኤንቪኤምኢ አያይም። ፎልደሩን ፎቶ አንስተህ ለጥፈው እስቲ።